የፎቶ ቀለም በስክሪንና በወረቀት ላይ

አንድ ኤዲት የተደረገ ፎቶ በስልክ፣ በላፕቶፕና በወረቀት ላይ የተለያየ መልክ የሚኖረው ፋይሉ የሚይዘው ቁጥሮችን ብቻ ስለሆነ ነው። ቁጥሮቹን ወደ ቀለም የሚለውጠው እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ አቅም ነው።

ለምሳሌ በመስከረም ወር በመካነ ሰላም ዙሪያ የተነሣ የአረንጓዴ መስክና የአደይ አበባ ፎቶ እንውሰድ። ደማቅ ቀለም ማሳየት የሚችል ስልክ መስኩን አድምቆ ያሳየዋል፤ ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ያው መስክ ፈዘዝ ይላል። ፎቶው ሲታተም ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን የሚያርፍበትን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ማተሚያው አረንጓዴን የሚሠራው ውሃ ሰማያዊና ቢጫ ቀለሞችን ደራርቦ ሲሆን፣ ሁለቱም የብርሃኑን ከፊል ስለሚውጡ መስኩ ይደበዝዛል። አደይ አበባው ግን ብዙም አይጎዳም፤ ቢጫ ከማተሚያው ቀለሞች አንዱ ነውና።

ስለዚህ ኅትመቱ ላይ አረንጓዴው ብቻ ከደበዘዘ ችግሩ የቀለም አቅም ነው፤ ኤዲት በማድረግ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ፎቶው በሙሉ ከጨለመ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው፦ ብርሃኑ እስከ መጨረሻ በተከፈተ ስክሪን ላይ የሠራ ሰው ፎቶው የበራ ስለሚመስለው ያጨልመዋል። ይህኛው የስክሪኑን ብርሃን ቀንሶ እንደገና ኤዲት በማድረግ ይስተካከላል። ለስልክና ለላፕቶፕ የሚሆነውን ቅጂ ደግሞ በ sRGB ማስቀመጥ ልዩነቱን ያጠብበዋል።