ከሁለት ገጽ ወደ አንድ ገጽ፤ የትኛው ማስረጃ ይቆይ?



የሉማሜ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ስለ 1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። ለዐውደ ጥናት የሚቀርበው ማጠቃለያ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ቢታዘዝም ረቂቁ ሁለት ገጽ ሙሉ ወጣው። መጀመሪያ ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ከየአንቀጹ ጥቂት ጥቂት ቃል ቀነሰ። ሁሉም ማስረጃ ቀረ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰለለ። አንድም አሳማኝ ነገር አልቀረም።

እንደ አዲስ አብረን ተቀመጥን። ከመቁረጣችን በፊት የጽሑፉን ጭብጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ጠየቅሁት። እንዲህ ጻፈ፦ «ገበሬውን ለዐመፅ ያነሣሣው የግብሩ መጠን ሳይሆን መሬቱ ተለክቶ ርስቱን እንዳያጣ መፍራቱ ነው።» ከዚያም ይህን ጭብጥ የሚቃወም ሰው ምን ሊል እንደሚችል ጠየቅሁት። «ግብሩ ስለ በዛ ነው ይላል፤ ወይም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በመጠላታቸው ነው ይላል» አለኝ። መመዘኛችን ይኸው ሆነ፤ የሚቆየው ማስረጃ ተቃዋሚው በራሱ ምክንያት ሊያስረዳው የማይችለው ነው።

በረቂቁ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች አራት ነበሩ።

አንደኛው፣ መንግሥት በዐማፅያኑ ላይ አውሮፕላን ማሰማራቱ ነው፤ ግማሽ ገጽ ይዟል። ሁለተኛው፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው መነሣታቸውና መንግሥት በግብሩ ጉዳይ ወደ ኋላ ማለቱ ነው። ሦስተኛው፣ ከሉማሜ ሽማግሌዎች የሰበሰባቸው አራት የቃል ምስክርነቶች ናቸው። አራተኛው በሁለተኛው ገጽ ግርጌ በሁለት መስመር ብቻ ተጽፎ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብሎ የሚመድብ የግብር ሕግ ሲወጣ ጎጃም መቃወሙንና በ1937 ዓ.ም. በቀድሞው ልማድ እንዲከፍል መፈቀዱን ይናገራል።

አሁን መዝኗቸው። አውሮፕላኑ የዐመፁን ክብደት ያሳያል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። የገዥው መነሣት ለእኛ ጭብጥ የሚያገለግለውን ያህል «የተጠሉት ገዥው ናቸው» ለሚለውም ያገለግላል። ከአራቱ ምስክሮች ሦስቱ ነገሩን የሰሙት ከአንድ ሰው እንደ ሆነ ተማሪው ራሱ ነገረኝ፤ ስለዚህ በቁጥር አራት ቢሆኑም በምንጭ ሁለት ናቸው። የ1934ቱ ተቃውሞ ግን ደጃዝማች ፀሐዩ ጎጃምን ከመግዛታቸው አስቀድሞ የሆነ ነው። ግብሩም ሌላ ዓይነት ነበር። ገዥውም ግብሩም ተለውጠው ተቃውሞው ከተደገመ፣ በሁለቱም ጊዜ የነበረውን ነገር መፈለግ ግድ ይሆናል፤ እርሱም መሬትንና ምርትን የሚገምት ሹም ወደ ርስቱ መምጣቱ ነው። እንግዲህ ግርጌ የተጣለው ሁለት መስመር ከሁሉ የበረታው ማስረጃ ነበር።

ተማሪው የአውሮፕላኑን ክፍል ለመቁረጥ እጁ አልታዘዝ አለው። ታሪኩን የነገሩት አያቱ ነበሩና «ዶክተር፣ ይህን ከቆረጥሁ አያቴን የቆረጥሁ ይመስለኛል» አለኝ። ቃላቸው በሙሉ ጽሑፉ ውስጥ በክብር እንደሚኖር፣ ከማጠቃለያው የሚወጣውም ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን ለሌላ ጥያቄ መልስ ስለ ሆነ እንደሆነ አስረዳሁት። ልብን የሚነካ ማስረጃ ሁልጊዜ ጭብጥን የሚያስረዳ ማስረጃ አይደለም።

አዲሱ ገጽ እንዲህ ተደለደለ፦ ጭብጡ በመጀመሪያው አንቀጽ፤ የሁለቱ ዘመናት ንጽጽር በግማሽ ገጽ፤ ምንጫቸው የተለያየ ሁለት ምስክርነቶች በአንድ አንቀጽ፤ የመንግሥት ማፈግፈግ በአንድ ዐረፍተ ነገር፤ በመጨረሻም የጥናቱ ወሰን።

ስለዚህ ወሰን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቦታ ሲጠብ ቀድመው የሚወድቁት ገደብ የሚያበጁ ቃላት ናቸው። በረቂቁ «በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት» የነበረው በመጀመሪያው ቁረጣ «በመላው ጎጃም» ሆኖ ነበር፤ «ይጠቁማል» የነበረውም «ያረጋግጣል» ሆኗል። ጽሑፉ አጠረ፤ የሚናገረው ግን ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ሆነ። ስለዚህ ሁለቱን ገጽና አንዱን ገጽ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የቦታ ስሞችንና ማሰሪያ ግሦችን ብቻ አነጻጽሩ። ስሕተቱ እዚያ ይገኛል።

ከዚያ አንዱን ገጽ ረቂቁን ላላየ ሰው ስጡትና ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ጸሐፊው ምን አለ? ለምንስ አመንኸው? ለሁለተኛው ጥያቄ የሚመልሰው እናንተ ያስቀደማችሁትን ማስረጃ ከሆነ ቁረጣው ተሳክቷል። ሌላ ነገር ከጠቀሰ ግን ገና የሚወጣ አለ ማለት ነው። የተማሪዬን ገጽ ያነበበው ባልደረባዬ የመለሰው «ገዥው ሳይመጡም ተቃውመው ነበርና» ብሎ ነው።