ሁለት ግራፎች አንድ መሆናቸው በምን ይታወቃል?

በሒሳብ ቋንቋ ግራፍ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ነጥቦቹ ወረቀቱ ላይ የት እንዳረፉ፣ መስመሩ ቀጥ ይበል ይጉበጥ ለውጥ አያመጣም። ቁም ነገሩ ማን ከማን ጋር መገናኘቱ ነው። ስለዚህ ዓይን የተለያዩ ናቸው ያላቸው ሁለት ሥዕሎች አንድ ግራፍ ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዱን ነጥቦች ከሌላው ነጥቦች ጋር አንድ ለአንድ አዛምደን፣ እዚህ የተገናኙት እዚያም ከተገናኙ፣ እዚህ ያልተገናኙት እዚያም ካልተገናኙ፣ ሁለቱ ግራፎች አይሶሞርፊክ ይባላሉ።

የማዛመጃ መንገዶቹን ሁሉ መሞከር ግን አያዋጣም። ለ6 ነጥቦች 720 መንገዶች አሉ፤ ለ16 ነጥቦች ከ20 ትሪሊዮን ያልፋሉ። ስለዚህ አዋቂዎች በቅድሚያ የሚፈልጉት ልዩነትን ነው። ነጥቦቹ የቱንም ያህል ቦታና ስም ቢቀያየሩ የማይለወጥ መለያ ይመርጣሉ፤ ያ መለያ በሁለቱ ግራፎች ላይ ከተለያየ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

የመጀመሪያዎቹ መለያዎች የነጥቦቹና የመስመሮቹ ብዛት ናቸው። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ነጥብ ስንት መስመር እንደሚወጣ ይቆጠራል፤ ይህ ቁጥር የነጥቡ ዲግሪ ይባላል። ከአንድ መሐል ነጥብ ሦስት ክንዶች የወጡባቸው ሁለት ግራፎችን እንውሰድ። በአንደኛው ክንዶቹ 1፣ 2 እና 2 መስመር ይረዝማሉ፤ በሁለተኛው 1፣ 1 እና 3። ሁለቱም 6 ነጥብና 5 መስመር አላቸው፤ ዲግሪዎቻቸውም በሁለቱም ላይ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 ናቸው። እስካሁን ልዩነት የለም። አሁን የመሐሉን ነጥብ ጎረቤቶች ዲግሪ እንይ፤ በአንደኛው 1፣ 2፣ 2 ሲሆን በሁለተኛው 1፣ 1፣ 2 ነው። ተለያዩ።

ይህን ዘዴ መደጋገም ይቻላል። ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደ ዲግሪው ቀለም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በጎረቤቶቹ ቀለም የሚለያዩ ነጥቦች አዲስ ቀለም ያገኛሉ፤ አዲስ ልዩነት እስኪጠፋ ይቀጥላል። ፈጣን ነው፤ አብዛኞቹን ግራፎችም ይለያል። የሚሰናከለው ሁሉም ነጥቦች እኩል ዲግሪ ሲኖራቸው ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀለም ይጀምሩና በዚያው ይቀራሉ።

እንዲህ ካሉት ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ጥንድ ይኸውና። 4 በ4 የሆነ ሠንጠረዥ ይሣል፤ 16ቱ ሳጥኖች ነጥቦቻችን ናቸው። በመጀመሪያው ግራፍ፣ በአንድ ረድፍ ወይም በአንድ ዓምድ ላይ ያሉ ሳጥኖች ሁሉ ይገናኛሉ። በሁለተኛው ግራፍ ደግሞ እያንዳንዱ ሳጥን ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይና ከታች ካለው፣ እንዲሁም ከቀኝ ላይኛውና ከግራ ታችኛው ማዕዘን ካለው ጋር ይገናኛል። ጠርዝ ላይ የደረሰ በተቃራኒው ጠርዝ ይቀጥላል። ይህ ግራፍ በሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሽሪክሃንዴ ስም ይጠራል።

እንቁጠር። ሁለቱም 16 ነጥብና 48 መስመር አላቸው፤ የሁሉም ነጥብ ዲግሪ 6 ነው። የተገናኙም ሆኑ ያልተገናኙ ማናቸውም ሁለት ነጥቦች የጋራ ጎረቤቶቻቸው 2 ናቸው። በዚህም ምክንያት ሦስት ማዕዘኖቻቸውን ብንቆጥር በሁለቱም 32 እናገኛለን። ተራው ቆጠራ ሁሉ እኩል ወጣ።

ልዩነቱ የሚገኘው የአንድን ነጥብ ስድስት ጎረቤቶች ብቻ ነጥለን እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚገናኙ ስናይ ነው። በመጀመሪያው ግራፍ ሦስቱ የረድፍ ጎረቤቶች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ሦስቱ የዓምድ ጎረቤቶችም እንዲሁ፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግን መስመር የለም። ሁለት የተለያዩ ሦስት ማዕዘኖች ሆኑ ማለት ነው። በሽሪክሃንዴ ግራፍ ላይ ግን ቀኙ ከቀኝ ላይኛው፣ እሱ ከላዩ፣ ላዩ ከግራው፣ ግራው ከግራ ታችኛው፣ እሱ ከታቹ፣ ታቹ ተመልሶ ከቀኙ ይገናኛል፤ ስድስቱም አንድ ቀለበት ሠሩ። የትኛውንም ነጥብ ብንመርጥ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ግራፎች አይሶሞርፊክ አይደሉም፤ ከ20 ትሪሊዮኑ ማዛመጃ አንዱንም መሞከር አላስፈለገንም።

መለያዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚፈርዱ ግን ልብ ይባል። መለያየታቸው ልዩነትን ያረጋግጣል፤ መመሳሰላቸው አንድነትን አያረጋግጥም። አንድ ናቸው ለማለት ማዛመጃውን ራሱን ማቅረብ ያስፈልጋል፤ አንዴ ከቀረበ በኋላ መስመር በመስመር ማመሳከሩ ቀላል ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ቀለሙ አልከፈል ሲላቸው አንድ ነጥብ መርጠው ልዩ ቀለም ይሰጡታል፣ ከዚያ ቀለም ማከፋፈሉን እንደገና ይጀምራሉ፤ ካልበቃ ሌላ ነጥብ ይጨምራሉ።

ላስሎ ባባይ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ2015 እ.ኤ.አ. ለማናቸውም ሁለት ግራፎች የሚሠራ፣ ከቀደሙት እጅግ የፈጠነ ዘዴ ይፋ አደረገ። በ2017 ሃራልድ ሄልፍጎት በማረጋገጫው ላይ ስሕተት አገኘ፤ ባባይም በቀናት ውስጥ አስተካከለው። ከዚህም በላይ ፈጥኖ፣ የሥራው መጠን በነጥቦቹ ብዛት ካሬ፣ ኩብ ወይም መሰል ቋሚ ኃይል ልክ ብቻ የሚያድግ ዘዴ ይኑር አይኑር እስካሁን ምላሽ አላገኘም።