የ8 ሰው ወጥ ለ40 ሰው ሲሠራ ውኃው በአምስት አይባዛም

በረመዳን ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ አብሮ የሚያፈጥርበት ምሽት ብዙ ነው። ለ8 ሰው ቀይ ወጥ መሥራት የለመደች እናት ለ40 ሰው ስትሠራ ሁሉንም በአምስት ብታባዛ፣ ሥጋውና ሽንኩርቱ ልክ ይሆናሉ፤ ወጡ ግን ይቀጥናል። ጾመኛ ስለሆነች ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ በየመሐሉ እየቀመሰች አታስተካክለውም።

ለ8 ሰው 1 ኪሎ የበሬ ሥጋ፣ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 1 ሊትር ውኃ ገባ እንበል። ወጡ እስኪበስል ከውኃው ግማሽ ሊትሩ ቢተን፣ ግማሽ ሊትሩ መረቅ ሆኖ ይቀራል። ለ40 ሰው መረቁ በአምስት ተባዝቶ 2 ሊትር ተኩል ይሆናል። የሚተነው ውኃ ግን በአመዛኙ የድስቱን አፍ ስፋት እንጂ የሰውን ቁጥር አይከተልም። የትንሹ ድስት አፍ ከዳር እስከ ዳር 24 ሳንቲ ሜትር፣ የትልቁ 34 ቢሆን፣ ስፋቱ እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚተነው 1 ሊትር ገደማ ነው፤ በድምሩ 3 ሊትር ተኩል ይበቃል ማለት ነው። 5 ሊትር የገባበትን ወጥ ለማወፈር ክዳኑን ከፍቶ ማንተክተክ ግድ ይላል፤ እስከዚያ ሥጋው ይፈራርሳል፣ ሥሩም ይይዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ 3 ሊትር የፈላ ውኃ ጨምሮ ቀሪውን እያዩ ማከል ይሻላል።

ሰዓቱን የሚበላው ቁሌቱ ነው። የ5 ኪሎ ሽንኩርት ውኃ በአንድ ድስት ቶሎ አይመጥም። ለ1 ኪሎ ግማሽ ሰዓት የሚበቃት ሴት እዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆማለች። በሁለት ድስት ከፍሎ ማቁላላት ያፋጥነዋል። ውኃው ሳያልቅ በርበሬ ከገባበት ወጡ ጥሬ ሽንኩርት ጥሬ ሽንኩርት ይላል። ሽንኩርቱ ማንተክተኩን ትቶ ሲንጫጫና የድስቱን ሥር መያዝ ሲጀምር ያን ጊዜ ደርሷል። ሥጋው ግን አንዴ ከፈላ በኋላ የሚወስደው ጊዜ እንደ ቁራጩ ትልቀት እንጂ እንደ ብዛቱ አይደለም፤ ቁራጩ ያው ከሆነ የለመደችው ሰዓት ይበቃዋል። የሚዘገየው እስኪፈላ ድረስ ነው።

ጨው አይተንም፤ ወጡ በአምስት ከበዛ ጨውም በአምስት ይበዛል። ነገር ግን መረቁ ስንት እንደሚቀር አስቀድሞ በትክክል አይታወቅም፣ በርበሬውም ብዙ ጊዜ ጨው አለው። ስለዚህ ለ1 ኪሎው 1 የሾርባ ማንኪያ የምታደርግ ሴት፣ አፉ ተልጦ የተለካ 3 ማንኪያ ብቻ ትጨምር። የተቆለለ ማንኪያ አምስት ጊዜ ሲደጋገም ትርፉ ብዙ ነው። ቀሪውን ሥጋው በስሎ ወጡ ከወፈረ በኋላ፣ የማይጾም ልጅ ወይም ከጾም ነፃ የሆነ ሰው ቀምሶላት በግማሽ በግማሽ ማንኪያ ትጨምር። ቀማሽ ካልተገኘ አራተኛውን ማንኪያ አክላ ታቁም፤ የጎደለውን ጨው ገበታ ላይ ማቅረብ ይቻላል።

መግሪብ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከሆነ፣ ሽንኩርቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እሳት ላይ ይውጣ።