ነፃ አክሲዮን ከታደለ በኋላ የአንድ አክሲዮን ትርፍና የትርፍ ድርሻ ሽፋን አሰላል

አንድ የአክሲዮን ማኅበር ካጠራቀመው ትርፍ ከፊሉን ወደ ካፒታል አዛውሮ ለባለአክሲዮኖቹ ያለ ክፍያ አዲስ አክሲዮን ሲያድል፣ ወደ ካዝናው የሚገባ ብር የለም፤ ከካዝናውም የሚወጣ የለም። የሚለወጠው በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ስያሜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ትናንት «ያልተከፋፈለ ትርፍ» ይባል የነበረው ገንዘብ ዛሬ «ካፒታል» ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ የዓመቱ ሒሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት በቀረበ ጊዜ ትርፉ በበዙ አክሲዮኖች ላይ ስለሚካፈል፣ ያደገው ማኅበር ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎ ይታያል።

ነገሩን በቁጥር ለመረዳት፣ በሆሳዕና መናኸሪያ ተቋቁሞ ሕዝብና ጭነት ወደ ዱራሜና ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ አንድ አነስተኛ ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የሆኑ 6,000 አክሲዮኖች ነበሩት። ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. በተዘጋው ዓመት ግብር ከተከፈለ በኋላ 1,440,000 ብር አተረፈ፤ ስለሆነም የአንድ አክሲዮን ትርፍ 240 ብር ሆነ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለሁለት አክሲዮን አንድ ነፃ አክሲዮን ስለ ታደለ፣ የአክሲዮኖቹ ቁጥር 9,000 ደረሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ቀን ሒሳቡ ሲዘጋ የተገኘው ትርፍ 1,620,000 ብር ነው፤ ይህም ለ9,000 ሲካፈል 180 ብር ይመጣል።

እንግዲህ 240 ብር ከ180 ብር ጋር ቢተያይ ትርፉ በሩብ የቀነሰ ይመስላል። ዳሩ ግን ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ መስፈሪያ የተሰፈሩ አይደሉም። ትክክለኛው አሠራር ያለፈውን ዓመት ትርፍም በአዲሱ የአክሲዮን ቁጥር ማካፈል ነው፤ 1,440,000 ብር ለ9,000 ሲካፈል 160 ብር ይሆናል። ከ160 ወደ 180 ማደግ ማለት በመቶ 12.5 መጨመር ነው፤ ይህም ጠቅላላው ትርፍ ካደገበት መጠን ጋር አንድ ነው።

በዚህ ስፍራ ሌላ ስሕተት ይከተላል። አንዳንድ የሒሳብ ሠራተኞች አዲሶቹን 3,000 አክሲዮኖች ከታደሉበት ቀን ጀምሮ የሦስት ወር ብቻ አድርገው በመቁጠር የዓመቱን አማካይ ቁጥር 6,750 ያደርሱታል፤ ትርፉም ለዚህ ሲካፈል 240 ብር ስለሚመጣ፣ ካልታረመው ያለፈው ዓመት ቁጥር ጋር እኩል ሆኖ ሰውን ያረጋጋል። በወራት መመዘን የሚገባው ግን አክሲዮኑ በገንዘብ የተሸጠ እንደ ሆነ ነው፤ የገባው ገንዘብ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ቀን አንሥቶ ነውና። በነፃ ለታደለ አክሲዮን አዲስ ገንዘብ ስላልገባ፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደ ነበረ ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 33 የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። ደረጃው የሚያስገድደው አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎችን ቢሆንም፣ ስሌቱ ለአነስተኛ ማኅበርም ያገለግላል።

የትርፍ ድርሻ ሽፋን ደግሞ የዓመቱ ትርፍ ለባለአክሲዮኖች ከሚከፈለው ገንዘብ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ የሚያሳይ ነው። ማኅበሩ ስለ 2015 ዓ.ም. በአክሲዮን 120 ብር፣ በጠቅላላው 720,000 ብር ከፍሎ ነበር፤ ሽፋኑም 2 እጥፍ ነው። ይህን ሽፋን በአክሲዮን ማስላት የሚፈልግ ሰው ትርፉን ወደ 160 ሲያወርድ የተከፈለውንም ወደ 80 ማውረድ አለበት። 160 ብርን ላልታረመው 120 ቢያካፍል ግን 1.33 ያገኛል፤ ይህም ያልነበረ ድክመት ነው። በጠቅላላው ብር ያሰላ ሰው ከዚህ ስሕተት ይድናልና፣ ሁለቱ ስሌቶች ካልተስማሙ አንዱ ቁጥር አልታረመም ማለት ነው።

ከባዱ ጉዳይ የሚመጣው አባሎች «ያለፈው ዓመት 120 ብር አይቀነስብን» ያሉ እንደ ሆነ ነው። 120 ብር ለ9,000 አክሲዮን 1,080,000 ብር ይጠይቃል። ሽፋኑ ወደ 1.5 ይወርዳል፤ ለጎማ፣ ለጥገናና ለአዲስ መኪና በማኅበሩ የሚቀረውም ከ720,000 ወደ 540,000 ብር ያንሳል። ትርፉ በመቶ 12.5 ብቻ አድጎ ሳለ ክፍያው በመቶ 50 ጨመረ ማለት ነው።

የቀድሞው ሽፋን እንዲጠበቅ ከተፈለገ የሚከፈለው በአክሲዮን 90 ብር ነው። ቁጥሩ ያነሰ ይመስላል እንጂ ባለአክሲዮኑን አይጎዳውም። አሥር አክሲዮን የነበረው ሰው አምና 1,200 ብር ተቀብሏል፤ ዛሬ በአሥራ አምስቱ 1,350 ብር ይቀበላል።

ስለዚህ በጉባኤ የሚቀመጥ ባለአክሲዮን «በአክሲዮን ስንት ብር?» ከማለቱ አስቀድሞ፣ የአምናው ቁጥር በአዲሱ የአክሲዮን ብዛት ታርሞ እንደ ሆነና በጠቅላላው የሚከፈለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሽፋኑ ምን ያህል ቢበዛም ትርፍ በካዝና ያለ ጥሬ ገንዘብ አይደለምና፣ የባንኩም ሒሳብ አብሮ ይታይ።