ከላይ ወደ ታች የሚቀንስ ወለድ፦ የአነስተኛ ብድር መግለጫ እንዴት ይመረመራል?

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አነስተኛ ብድር የወተት ላም የሚገዛበት፣ ከብት የሚደለብበትና ሱቅ የሚከፈትበት የተለመደ የገንዘብ ምንጭ ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣለው አዋጅ ቁጥር 40/1988 ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 626/2001 ተተክቷል፤ የማበደሪያ ወለዱን መጠን ግን ተቋማቱ ራሳቸው እንዲወስኑ ተትቷል። የዋጋው መጠን በሕግ ካልተወሰነ የተበዳሪው ዋነኛ መከላከያ ዋጋው በትክክል መነገሩ ነውና፣ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ «ወለዱ ስንት ነው?» ከሚለው ይልቅ «በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው የሚሰላው?» የሚለው ሆኗል።

ወለድ የሚሰላባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ወለድ ሲሆን፣ ተበዳሪው ከዋናው ገንዘብ በመለሰ ቁጥር በእጁ የቀረው ዕዳ ስለሚያንስ ወለዱም አብሮ ያንሳል። ሁለተኛው በተለምዶ ፍላት የሚባለው ነው፤ በዚህ ስሌት ወለዱ መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ብድር ላይ ለጠቅላላው ዘመን አንድ ጊዜ ይሰላና በየወሩ እኩል ይከፋፈላል፤ ተበዳሪው ግማሹን ዕዳ ከመለሰ በኋላም ወለድ የሚከፍለው ምንም እንዳልመለሰ ተቆጥሮ ነው። ፍላት በራሱ ማታለል አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው ፍላት ተሰልቶ ሳለ መግለጫው ላይ «በቀሪ ዕዳ ላይ» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ቀላል አይደለም። በሱሉልታ የወተት ላም ለመግዛት 60,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በአሥራ ሁለት ወራት በየወሩ እኩል ለመክፈል የተበደረች ሴት ለምሳሌ ትወሰድ። በፍላት ስሌት የዓመቱ ወለድ 10,800 ብር፣ ወርኃዊ ክፍያዋም 5,900 ብር ይሆናል። ያው 18 በመቶ በእውነት በቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላ ግን ወርኃዊ ክፍያዋ ወደ 5,501 ብር፣ የዓመቱ ወለድም ወደ 6,010 ብር ይወርዳል። በፍላት የተጠየቀችው ክፍያ በቀሪ ዕዳ ሲለካ በዓመት ወደ 32 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ነው ማለት ነው።

አደባባይ የወጣው ስህተት የሚታወቀው ሳይደከም ነው። በመግለጫው ራስጌ «በቀሪ ዕዳ ላይ 18 በመቶ» ተብሎ ተጽፎ፣ የወለዱ ዓምድ ግን ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር 900፣ 900፣ 900 እያለ የሚሄድ ከሆነ ጽሑፉና ስሌቱ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። ብዙ ሰውን የሚያመልጠው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ በዚህኛው የወለዱ ዓምድ በእርግጥ ከወር ወር እየቀነሰ ስለሚወርድ፣ «ወለዱ ይቀንሳል» የተባለውን ሰምቶ ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ያየ ተበዳሪ ቃሉ እንደተጠበቀ ይረዳል።

ይህ የሚሆነው «የ78 ደንብ» በሚባለው አከፋፈል ነው። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 78 ይሆናሉ፤ በፍላት የተገኘው 10,800 ብር ወለድ ለ78 ይከፈልና ለመጀመሪያው ወር አሥራ ሁለት እጅ፣ ለሁለተኛው አሥራ አንድ እጅ፣ እንዲህ እየወረደ ለመጨረሻው ወር አንድ እጅ ይመደባል። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ወር ወለድ ወደ 1,662 ብር፣ የሁለተኛው ወደ 1,523 ብር፣ የመጨረሻው ወደ 138 ብር ይሆናል፤ ወርኃዊው ክፍያ 5,900 ብር፣ ድምሩም 10,800 ብር ሆነው ሳይለወጡ ይቀራሉ። የተለወጠው የአቀማመጡ ቅደም ተከተል ብቻ ሲሆን፣ የተበዳሪዋን ሸክም በአንድ ብር እንኳ አላቀለለም። አሜሪካ ይህን ደንብ ከ61 ወር ለሚበልጡ የፍጆታ ብድሮች እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ ከልክላለች።

መመርመሪያው አንድ ማካፈል ነው። ከማንኛውም መስመር የወሩ ወለድ ይወሰድና ከዚያ ወር በፊት ለነበረው ቀሪ ዕዳ ይካፈላል፤ ወለዱ በእውነት በቀሪ ዕዳ ላይ ከተሰላ ውጤቱ በሁሉም መስመር አንድ ነው፤ ለ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ 1.5 በመቶ። ከላይ በተጠቀሰው መግለጫ ግን የመጀመሪያው ወር 1,662 ለ60,000 ሲካፈል 2.77 በመቶ ይወጣል፤ የመጨረሻው ወርም 138.46 ለ5,761.54 ሲካፈል 2.4 በመቶ ይሰጣል። ስለዚህ የዓምዱን መውረድ ከማየት ይልቅ መቶኛው በሁሉም መስመር እኩል መሆኑንና ከተነገረው መጠን ጋር መግጠሙን ማየት ነው የሚያዋጣው።

ጉዳቱ የሚገለጠው በተለይ ዕዳን ቀደም ብሎ ለመዝጋት ሲፈለግ ነው። ተበዳሪዋ ስድስት ወር ከፍላ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ልጨርስ ብትል፣ በ78 ደንብ የተሰናዳው መግለጫ የሚያሳየው ቀሪ ዕዳ ወደ 32,492 ብር ነው፤ ያንኑ 5,900 ብር እየከፈለች 18 በመቶው በእውነት በቀሪ ዕዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ 28,852 ብር ብቻ ይቀርባት ነበር። እስከ መጨረሻው ብትዘልቅም የአሥራ ሁለተኛው ወር ክፍያዋ 5,900 ብር መሆኑ ቀርቶ ወደ 694 ብር ይሆን ነበር።

ሆኖም መቶኛው አልገጠመም ተብሎ ወዲያው ተቋሙን መወንጀል አይገባም። ክፍያው የዘገየበት ወር ቀናቱ ስለሚበዙ ወለዱ ይጨምራል፤ የእፎይታ ጊዜ ካለ ወለዱ ተጠራቅሞ በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ቅጣትና የአገልግሎት ክፍያም ከወለድ ዓምድ ጋር ተደባልቀው ይጻፉ ይሆናል። እነዚህ የሚያስከትሉት በአንድ ወይም በሁለት መስመር ላይ የሚታይ ልዩነት ነው፤ በሁሉም መስመር ከተነገረው መጠን በላይ የሆነና ቀስ እያለ የሚወርድ መቶኛ ግን የፍላት ምልክት ነው። ከብድሩ ላይ አስቀድሞ የተቀነሰ የግዴታ ቁጠባ ወይም ክፍያ ሲኖርም ተበዳሪዋ በእጇ የተቀበለችው ከ60,000 ብር ስለሚያንስ፣ ይህ በሰንጠረዡ ውስጥ ባይታይም የብድሩን እውነተኛ ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

ስሌቱ ካልገጠመ የሚጠየቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ «የመጀመሪያው ወር ወለድ በየትኛው ገንዘብ ላይ፣ በስንት መቶኛ ተሰላ?» ተቋሙ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ውሉና የክፍያ ሰንጠረዡ ተያይዘው አቤቱታው መጀመሪያ ለራሱ ለተቋሙ ይቅረብ፤ መፍትሔ ከጠፋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ ወዳወጣው ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ግን እያንዳንዱ የክፍያ ሰንጠረዥ ከወለዱ ዓምድ ጎን በቀሪ ዕዳ የተለካውን መቶኛ የሚያሳይ አንድ ዓምድ እንዲጨምር ማስገደድ ተገቢ ነው፤ ለተቋሙ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የአንድ መስመር ሥራ ሲሆን፣ ለተበዳሪው ግን የማካፈሉን ሸክም ያነሳለታል፤ በፍላት ያበደረ ተቋምም ስሙን ቀይሮ ማቅረብ አይችልም።