ከስልካችን ብር ሊቆረጥ ሲል የሚመጣው መልእክት ምን ማለት አለበት?

በአጭር ቁጥር አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚልኩትን የስልክ መልእክት እጽፋለሁ። የልጆች ትምህርት፣ የጤና ምክር፣ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የእርሻ መረጃ፤ ሰው አንዴ ይመዘገብና በየቀኑ ወይም በየወሩ ከስልኩ ሒሳብ እየተቆረጠ ይቀጥላል። ከምጽፋቸው ሁሉ አብዝቼ የምጨነቅበት የእድሳት መልእክቱ ነው፤ የሰው ኪስ ውስጥ የሚገባው እሱ ስለሆነ። ይህ ቻናል ላይ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ መልእክቱን የምትቀበሉ ናችሁ፣ ጥቂቶቻችሁ ደግሞ የምትልኩ። ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምን እንደሚመስል እንይ። የድርጅቱን ስም ልተወውና ቃሉ እንዲህ ነው፦

```
ውድ ደንበኛችን፣ የአገልግሎትዎ ደንበኝነት በተሳካ ሁኔታ ታድሷል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።
```

ይህን ያነበበ ሰው ምን አወቀ? የትኛው አገልግሎት እንደሆነ አልተነገረውም። ስንት ብር እንደሄደ አልተነገረውም። ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ባይፈልግ እንዴት እንደሚወጣ የለም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «ታድሷል» መባሉ ነው፤ ብሩ ከሄደ በኋላ የመጣ መልእክት ስለሆነ ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ጊዜው አልፏል።

«ቦታ አይበቃም» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ በ67፣ በ67 ፊደል ይከፋፈልና ድርጅቱ የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፍላል። ብዙ ድርጅት በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን ፊደል አማርኛ መላክ የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ወጪው ይቀንስለታል፣ አንባቢው ግን ይቀራል።

አሁን ያንን «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን ቁጠሩት። 58 ነው። ሌላ 58 ፊደል ደግሞ ይኸውና፦

```
የልጆች ትምህርት፦ ሰኞ ሰኔ 9 ከስልክዎ 60 ብር ይቆረጣል። ለማቆም STOP ብለው ይመልሱ።
```

አንድ ፊደል እንኳ አልጨመርኩም። የወጣው አክብሮት የሚመስለው ሰላምታና ምስጋና ነው፤ የገባው የአገልግሎቱ ስም፣ ቀኑ፣ ብሩና መውጫው ነው። ቀኑን ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ ሰኔ 9 ቀን 2017 ሰኞ ነበር። «ይቆረጣል» ማለቱን ልብ በሉ፤ ገና አልተቆረጠም። ለወርኃዊ ክፍያ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሰው ነቅቶ ስልኩን በሚያይበት ሰዓት ቢላክ ለማሰቢያ ጊዜ ይኖራል።

እነዚህ ሦስቱ ነገሮች፣ ብሩ፣ ቀኑና መውጫው፣ ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። እያንዳንዱ ግን የራሱ ወጥመድ አለው።

ከብሩ ልጀምር። መልእክቱ ላይ የሚጻፈው ከሰውየው ሒሳብ የሚወጣው ብር መሆን አለበት። ዋጋው 60 ብር ተብሎ ከላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ካለበት የሚቆረጠው 69 ብር ነው፤ ስለዚህ 69 ይጻፍ። «ታክስን ሳይጨምር» የምትል ሐረግ ደንበኛውን ሒሳብ ሠራተኛ ታደርገዋለች። የቀን ክፍያ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በቀን 2 ብር ሲባል ምንም አይመስልም። በ30 ቀን 60፣ በዓመት 730 ብር ነው። በየቀኑ «2 ብር ተቆርጧል» የሚል መልእክት መላክም መፍትሔ አይሆንም፤ ከሳምንት በኋላ ማንም አያነበውም። እኔ የምመክረው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሁድ እሁድ፣ «በዚህ ሳምንት 14 ብር ተቆርጧል፣ በሚቀጥለውም 14 ይቆረጣል» ብሎ መውጫውን አብሮ መጻፍ ነው።

ቀኑ ላይ የእኛ አገር ጉዳይ ከሌላው ይለያል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ብዙ መልእክት ላይም እንዳለ ይወጣል። 06/05 የሚል ቀን ለአንዱ ግንቦት ነው፣ ለሌላው ሰኔ፣ የእኛን አቆጣጠር ለሚያስብ ደግሞ ጥር ወይም የካቲት። የወሩን ስም በፊደል መጻፍና የሳምንቱን ቀን መጨመር ይህን ሁሉ ይዘጋል። «ሰኞ ሰኔ 9» ያለ ሰው አያሳስትም።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። አብዛኛው የክፍያ ሥርዓት ቀን የሚለውጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሰኞ ይቆረጣል ከተባለ ኮምፒውተሩ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ሊቆርጥ ይችላል። ደንበኛው ግን ሰኞን የሚያውቀው ከነጋ ነው፤ ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ STOP ሊል ሲያስብ ብሩ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ይህን የሚፈታው ወይ መቁረጫውን ሰኞ ከሰዓት ማድረግ ነው፣ ወይ የመጨረሻውን ቀን በግልጽ መናገር።

በ30 ቀን ለሚታደስ አገልግሎት ጳጉሜንም መርሳት የለብንም። መስከረም 5 የተመዘገበ ሰው በየወሩ 5ኛው ቀን ላይ ይከፍላል፤ ወራችን ሁሌ 30 ቀን ስለሆነ ይመቻል። ነሐሴ 5 ላይ አሥራ ሁለተኛውን ከከፈለ በኋላ ግን ቀጣዩ መስከረም 5 አይደለም፤ ጳጉሜን 5 ነው። በዓሉ ዋዜማ ላይ አሥራ ሦስተኛ ክፍያ ይመጣል። «በወር» ብለው የሸጡለት ሰው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። የሚቆረጠው በየ30 ቀኑ ከሆነ መልእክቱም ምዝገባውም «በየ30 ቀኑ» ይበል።

መውጫው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

እኛ ሰፈር ፉሪ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለች ሱቅ በር ላይ ቆሜ አንዲት እናት የ25 ብር ካርድ ሲሞሉ አየሁ። ቁጥሩን በ*805* አስገብተው ገና ስልኩን ከጆሯቸው ሳያደርሱ መልእክት ገባ። *804# ሲመቱ 23 ብር ይላል። ባለሱቁ ልጅ «እማማ፣ አገልግሎት ኖሮብዎት ነው» አላቸው። «የምን አገልግሎት? እኔ ለልጄ ልደውል ነው የሞላሁት» አሉ። መልእክቱን አነበብንላቸው፤ የላቲን ፊደል ነበር። STOP ብለን ላክንላቸውና ቆመ። የተመዘገበው ማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አላወቁም፤ ምናልባት የልጅ ልጅ ስልኩን ሲጫወትበት ይሆናል።

እዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ሒሳቡ ባዶ ሲሆን በብዙ ሥርዓት ምዝገባው አይቋረጥም፤ ተኝቶ ይጠብቃል፣ እየደጋገመም ይሞክራል። ካርድ ሲሞላ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ለማቆም የሚላከው መልእክት ደግሞ እንደ ማንኛውም መልእክት ዋጋ ካለው፣ ባዶ ስልክ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ ለመውጣት መሙላት ያስፈልጋል፣ ሲሞላ ደግሞ መጀመሪያ ይቆረጣል። ስለዚህ ወደ አጭር ቁጥሩ የሚላከው STOP ነጻ መሆን አለበት፤ ነጻ መሆኑም መልእክቱ ላይ ይጻፍ። ከተወሰነ ቀን በላይ ባዶ የቆየ ስልክም ምዝገባው በራሱ ቢቋረጥ እመርጣለሁ፤ ያ ሰው አገልግሎቱን እየተጠቀመ እንዳልሆነ ሥርዓቱ ራሱ ያውቃል።

ነጻነቱንና የመጨረሻውን ቀን ስንጨምር መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦

```
የልጆች ትምህርት፦ ሰኞ ሰኔ 9 ከስልክዎ 60 ብር ይቆረጣል። ለማቆም እስከ እሁድ STOP ብለው በነጻ ይመልሱ።
```

ልክ 70 ፊደል። አንድ መልእክት፣ የአንድ መልእክት ዋጋ።

የላኪዎቹ ሥራ ግን እዚህ አያበቃም፤ STOP ሲመጣ መስማት አለባቸው። ሰው stop ይላል፣ Stop. ብሎ ነጥብ ያደርግበታል፣ ፊቱ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ «አቁም» ወይም «ይቁም» ብሎ በአማርኛ ይልካል። እነዚህን ሁሉ መቀበል ለፕሮግራም ሠሪው የጥቂት መስመር ሥራ ነው። «ያስገቡት ትእዛዝ የተሳሳተ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ሰውየው የወጣ መስሎት ይተወዋል፤ ብሩ ይቀጥላል። በአንድ አጭር ቁጥር ብዙ አገልግሎት ሲሰጥ ደግሞ STOP የቱን እንዳቆመ መንገር ግድ ነው።

አንድ ባለድርጅት ይህን ሳሳየው «ሁሉን ከነገርናቸው እኮ ይወጣሉ» አለኝ። አዎ፣ የተወሰኑት ይወጣሉ። የሚወጡት እየከፈሉ መሆኑን ያላወቁት ናቸው፤ እነሱን ይዞ መቆየት ደግሞ ሽያጭ አይባልም። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ስንት፣ መቼና እንዴት ይቆማል የሚለው ካልተነገረው በቂ መረጃ አገኘ ለማለት ይቸግራል።

ሌላ አገርም ይህ ክርክር አላለቀም። ጀርመን ውስጥ ከፈረንጆቹ ሐምሌ 2022 ጀምሮ በድረ ገጽ የደንበኝነት ውል የሚሸጥ ሁሉ ውሉን የሚያቋርጥ ቁልፍ እዚያው ገጽ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። አሜሪካ ውስጥ መውጣት የመግባትን ያህል ቀላል ይሁን የሚል ደንብ በ2024 ወጥቶ ነበር፤ በ2025 ሥራ ላይ ከመዋሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፍርድ ቤት ደንቡ የወጣበትን ሥርዓት ተችቶ ሻረው።

ተቀባዮች ለሆናችሁ፦ ካርድ ከመሙላታችሁ በፊትና ከሞላችሁ በኋላ *804# ምቱ። የሞላችሁት ብር ሙሉ ካልተጨመረ ከአጭር ቁጥር የመጣውን የመጨረሻ መልእክት ፈልጉና ወደዚያው ቁጥር STOP ላኩ። ማረጋገጫ ካልመጣ፣ ወይም በማግስቱ ደግሞ ከተቆረጠ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውላችሁ አጭር ቁጥሩን፣ የተቆረጠበትን ቀንና STOP ያላችሁበትን ሰዓት ንገሯቸው። መልእክቶቹን አታጥፏቸው፤ ማስረጃችሁ እነሱ ናቸው።

ለላኪዎች ደግሞ ሰው STOP ሲል መመለስ ያለበት ይኸው፤ ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፦

```
የልጆች ትምህርት ቆሟል። ከዛሬ ጀምሮ ከስልክዎ ምንም አይቆረጥም።
```