ከጉልበት ወደ እግር ጣት

ተንበርክኮ 15 ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ጉልበቱን ከመሬት ሲያነሳ አንድም ሊያቅተው ይችላል። ቢጠና ውስጥ አብረውኝ ስፖርት የሚሠሩት ጎረቤቴ ጋሼ የገጠማቸው ይኸው ነበር። የልጅ ልጅ ያዩ፣ 80 ኪሎ የሚመዝኑ ሰው ናቸው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ጉልበት መሬት ሲነካ ክንድ የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ግማሽ ያህል ነው፤ በእግር ጣት ሲሆን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። ለጋሼ 39 ኪሎ ገደማ የነበረው ሸክም በአንዴ 51 ኪሎ ሆነባቸው።

ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ደረጃ አስገባን። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ግድግዳ የተደገፈና የማይንሸራተት ዱካ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ በእግር ጣት ቆመው ይሠራሉ። ሸክሙ 44 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ሲሞላላቸው ወደ መሬት ወረድን፤ በእግር ጣት ሆነው እስከ አምስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን አሳርፈው ይነሳሉ። ጡንቻ ሸክምን ከማንሳት ይልቅ ማውረድ ይቀለዋልና፣ ሙሉው ፑሽ አፕ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ተንበርክኮ መሥራትም የከበደው ሰው ከግድግዳ ይጀምር።

ወገብ ወደ መሬት ከሰመጠ ወይም ክርን እንደ መስቀል ወደ ጎን ከተዘረጋ ደረጃው ገና ነው፤ አንድ ወደ ኋላ ተመለሱ። ስትገፉ ተንፍሱ። ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የደም ግፊትን ሽቅብ ይሰዳል፤ ግፊት ያለባችሁ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ደረት ላይ ሕመም ከተሰማ እዚያው ማቆም ነው።

ፑሽ አፕ ብቻውን ግን ቦርጭ አያጠፋም። እኛ በአንድ ፍራሽ ስፋት የምንሠራው ይህ ነው፦ ከወንበር 12 ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ በደረሱበት ደረጃ 8 ፑሽ አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን 12 ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያ ጉልበትን ከፍ እያደረጉ ባሉበት አንድ ደቂቃ መርገጥ። አንድ ደቂቃ አርፎ መድገም፤ አራት ዙር ሩብ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሃሉ አንድ ቀን እያረፍን።

ይህ ሁሉ የሚያቃጥለው ጉልበት አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ካለው ብዙም አይበልጥም። ሙቿ በቅቤ በሚበላበት ወላይታ ይህን መናገር አይወደድልኝም፤ በጊፋታ ሰሞን ደግሞ ማን ይሰማኛል! ጋሼ ሙቿውን አልተዉም፤ ቅቤውን ግን ቤተሰቡ ተስማምቶ በግማሽ ቀነሰው።

የምንለካው በሚዛን ሳይሆን በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ እምብርት ላይ፣ ሆድ ሳይሳብ።